ከገጹ የቀረችው አንቀጽ

ቢሮ ውስጥ «አራት ነጥብ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አለቃዋ ነው። ሰባት መስመር ሙሉ ሳይተነፍስ የሚሮጥ የኢንሹራንስ ዐረፍተ ነገር እጇ ከገባ፣ አምስት ቦታ ቆራርጣ በየጫፉ አራት ነጥብ ሳታሳርፍበት አትለቀውም። ሥራዋም ይኸው ነው። ቢሮው ራሱ ኢንሹራንስ አይሸጥም፤ ደንበኞችን ከኩባንያዎች ጋር ያገናኛል። ደንበኛው ፈርሞ የሚወስደው ውል አርባ ሃምሳ ገጽ ይሆናል። እሷ ያንን አንብባ በአንድ ገጽ ታስቀምጥለታለች፦ ምን ይሸፈናል፣ ምን አይሸፈንም፣ ሽፋኑ እስኪጀምር ምን ያህል ይጠበቃል፣ ጉዳት ሲደርስ ምን ይዞ ወዴት ይኬዳል። ከዚያ ደንበኛውን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ታስነብበዋለች። «ገባኝ» ቢላትም አታምነውም። «እስቲ በራስህ አፍ መልሰህ ንገረኝ» ትለዋለች።

አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ አንድ ቀን፣ «ሌባ ከገባብኝ ይከፍሉኛል» ብሎ መለሰላት።

«በር ወይም መስኮት ሰብሮ ከገባ» አለችው። «ቁልፍ አግኝቶ ዘው ካለ፣ የመሰበር ምልክት ከሌለ፣ አይከፍሉህም። ይኸውልህ፣ እዚህ ጋ አንብበው።»

«እንዴ! ታዲያ ሌባውን ‹እባክህ ሰብረህ ግባልኝ› ብዬ ልለምነው ነው?»

«ብትለምነው ይሻልሃል።»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ፤ ነጋዴውም አብሮ ሳቀ፤ ግን በዚያው ሳምንት የመደብሩን ቁልፍ ለወጠ። አለቃዋ አልፎ አልፎ ጠጋ ብሎ፣ «ደንበኛውን እንዲህ አታስደንግጪብኝ እንጂ» ይላታል። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አሁን ይደንግጥ። አሁን ቢደነግጥ ወንበር ላይ ነው። በኋላ ሲደነግጥ ግን ሜዳ ላይ ነው።»

ይህችው ሴት ናት እንግዲህ፣ የገዛ ወንድሟ ገጽ ላይ ስትደርስ እጇ የተያዘባት።

ወንድሟ በያጅ ነበር። ሰፈሩ «ብረቱ» ይለዋል፤ እሷ «ጋሼ» ነው የምትለው። እናታቸው ስትሞት እሷ ገና ፊደል አልጨረሰችም ነበር፤ እሱ ደግሞ ጢሙ ገና ያልበቀለ ጎረምሳ። በርና መስኮት እየበየደ አሳደጋት፤ እየበየደ አስተማራት። ስትመረቅ፣ የብየዳ ፍንጣሪ የቀዳደደውን ሸሚዙን ለብሶ መጥቶ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። «ለምን ሌላ አልለበስክም?» ብትለው፣ «ይኼ ነው ያስተማረሽ፤ እሱም ይመረቅ» አላት። ሚስት ያገባው ዘግይቶ ነው። ሚስቱ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ አንደበቷ ቁጥብ፣ እጇ ፈጣን ሴት ናት። ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። መኖሪያቸው ከወርክሾፑ ጀርባ ስለሆነ፣ የብረት ሽታና የአዲስ ጨርቅ ሽታ አንድ ላይ ነው የሚቀበልህ።

ሳሉ ሲጀምረው ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው። በያጅ ያስላል። ጭሱ ነው ተባለ፤ ብርድ ነው ተባለ። በኋላ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው፣ ሱሪው ከወገቡ ሲሸሽ፣ ሚስቱ እየገፋች ትልቁ ሆስፒታል ወሰደችው። የሳንባ ካንሰር ነበር፤ አልፎም ተሠራጭቷል። ሐኪሟ ዙሪያ ጥምጥም የማትሄድ ሴት ነበረች። «ማዳን የምንችልበት ደረጃ አልፏል» አለቻቸው። «በወራት የሚቆጠር አይደለም፤ በሳምንታት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብረቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምግብ ቀርቦለት ይመለሳል። ልጆቹ ሲገቡ ዓይኑን ይጨፍናል። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን እሱ ወዳለበት ክፍል አስገብታ አጠገቡ እየሰፋች ትውላለች፤ የመርፌው ድምፅ ባይኖር ቤቱ መቃብር ነበር። አንድ ከሰዓት እህቱ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ፣ ፊቱን ሳይመልስ ተናገረ።

«ትንሿ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ያቺን ኢንሹራንስ አይተሽልኝ ታውቂያለሽ?»

አላየችም። የሕይወት ኢንሹራንስ እንዳለው ታውቃለች፤ እሷ ሥራ ሳትይዝ በፊት ከሰፈሩ ወኪል የገዛው ነው። የሌላውን ሰው ውል ሁሉ ስትቆራርጥ የኖረች፣ የወንድሟን አንድ ቀን አምጣ አላለችውም። ሐኪም ቤት እየዋለች የራሷን ጥርስ እንደማታሳይ ሰው።

«ቁም ሣጥን ውስጥ ነው» አላት። «ብሞት እነዚህ ልጆች ያገኙ እንደሆነ፣ አንድ ወረቀት ላይ ጻፊልኝ። ለደንበኞችሽ እንደምትጽፊላቸው አድርገሽ። እንዳታባብይኝ።»

በማግስቱ ቢሮዋ ተቀምጣ አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ፣ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው።

ውሉ አንድ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ባለፈው ዓመት ሥራ ሲቀዘቅዝ አረቦኑን፣ የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ ሳይከፍል ቀረ፤ ውሉ የሚሰጠው የአንድ ወር የእፎይታ ጊዜም አለፈ፤ ሽፋኑ ተዘጋ። ኋላ ወኪሉ ቤት ድረስ መጥቶ ውዝፉን አስከፈለውና አንድ ፎርም አስፈርሞ አሳደሰው። ችግሩ ያለው እዚያው ዕድሳት ላይ ነው። ውሉ ሲታደስ የመጠበቂያው ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። ከታደሰ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ በበሽታ ከሞተ፣ ቤተሰቡ የሚያገኘው የተከፈለውን አረቦን ብቻ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ከሞተ ግን ሙሉውን። ከታደሰ አራት ወር ሊሞላው ነው። ሁለት ወር ቀረ ማለት ነው። ሐኪሟ ደግሞ «በሳምንታት ነው» ብላለች።

ይህ አንዱ ነው። ሌላው ከኋላ፣ በደቃቅ ፊደል፣ አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ተቀምጧል። ከዕድሳቱ ጋር የተፈረመው ፎርም የጤና መግለጫ ነው። መግለጫው ላይ ሐሰት የሆነ ወይም የተደበቀ ቁም ነገር ከተገኘ፣ ኩባንያው በሁለት ዓመት ውስጥ ዕድሳቱን መሰረዝ ይችላል። የፎርሙ ቅጂ ከውሉ ኋላ ተያይዟል። «በቅርቡ ለሕመም ሐኪም ዘንድ ቀርበዋል? የታዘዘልዎ ምርመራ አለ? የቆየ ሳል አለብዎ?» ይላል። ሦስቱም ላይ «የለም» ተብሎ ተሞልቷል፤ በወኪሉ ቀለም፣ በወኪሉ እጅ። ከታች ያለው ፊርማ ግን የጋሼ ነው።

ገጹን ጻፈች። አንቀጽ አሥራ ዘጠኝን ግን እሱን ሳትጠይቅ መጻፍ አልፈለገችም። ምናልባት ሲፈርም ጤነኛ ነበር። ጤነኛ ከነበረ መስመሯ ምንም አይደለችም፤ ጉዳት የላትም። ቦታዋን ባዶ ትታላት ሄደች።

ሚስቱ ዩኒፎርም ልታስረክብ ወጥታ ነበር። ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ትራስ ደርባ ቀና አደረገችውና ገጹን ሰጠችው።

ቀስ ብሎ አነበበ። ጣቱ ከመስመር መስመር ይወርዳል። የመጠበቂያው ጊዜ የሚያልቅበት ቀን ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይቺ ቀን ካለፈች?»

«በበሽታም ቢሆን ይሸፈናል።»

«በፊትስ መኪና ቢገጨኝ?»

«አደጋ ከታደሰበት ቀን ጀምሮ ይሸፈናል። የሚጠበቅ ጊዜ የለውም።»

«እንግዲያ ደግፈሽ አስፋልቱ ድረስ ውሰጂኛ!»

ሳቀች። «የሚቀጥለውን አንብበው» አለችው። «ራስን ማጥፋት በመጀመሪያው ዓመት አይሸፈንም። ሆን ብሎ መኪና ስር መግባትም ያው ነው። ስለማውቅህ ነው በደማቁ የጻፍኩት።»

«አቤት! ሁሉን በር ዘግተሽዋል እኮ። ጥሩ በያጅ ይወጣሽ ነበር።»

ፊቱን ያየችው ያን ጊዜ ነው። ከሆስፒታል ከተመለሰ ጀምሮ ያላየችው ነገር ዓይኑ ውስጥ አለ። ሥራ የተሰጠው ሰው ፊት ነው። ልኩ ተነግሮት፣ ብረቱ ተቆርጦ ቀርቦለት፣ እስከዚህ ቀን አድርስ የተባለ ሰው። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አነጠፈና በመዳፉ አስተካከለው።

«ሁለት ወር ነው አይደል? ሁለት ወርማ ቆሜ እሄዳለሁ።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያንን ፎርም ስትፈርም ታመህ ነበር?»

«ኧረ ምንም። ሳል ብቻ ነበረችብኝ።»

«ሐኪም ዘንድ ሄደህ ነበር?»

«ከዚያ በፊት አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደረቴን በራጅ አንሥተውኝ ነበር። ‹ጥላ ነገር አለ፣ ትልቅ ሆስፒታል ሂድ› ብለው ወረቀት ሰጡኝ። የትምህርት ቤቱ አጥር ሥራ ነበረብኝ፤ ስጨርስ እሄዳለሁ አልኩ። በዚያው ቀረ።»

«ለወኪሉ ነገርከው?»

«መች ጠየቀኝ? ‹ደህና ነህ አይደል?› አለኝ፤ ‹ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን› አልኩት። ሰው ‹ደህና ነህ ወይ› ሲልህ ሌላ ምን ትላለህ? እሱ ጻፈ፣ እኔ ፈረምኩ።»

እስክሪብቶው እጇ ላይ ነበር። ባዶዋ ቦታ ከገጹ ግርጌ፣ ሁለት ጣት ስፋት ያላት፣ ነጭ ሆና ትጠብቃለች። ደንበኛ ቢሆን ኖሮ እጇ ራሱ ይጽፈው ነበር፦ «የጤና መግለጫህ እውነት አልነበረም። ካገኙት ይሰርዙታል። የሚያገኙትም ይመስለኛል።»

«ምነው?» አላት። «ይጎዳል እንዴ?»

«አይ። ለፋይሉ ነው የጠየቅኩህ።»

«ሌላ የቀረ አለ?»

«የለም።»

እንደ ልማዷ «እስቲ መልሰህ ንገረኝ» ማለት ረሳች። ራሱ ነው የነገራት፤ አንዲት ሳያዛንፍ፣ ቀኑን፣ የሚሸፈነውን፣ የማይሸፈነውን፣ ሲሞት ሚስቱ ይዛ የምትሄደውን ሰነድ ሁሉ። ጨርሶ «አለፍኩ?» አላት፤ እንደምትፈትነው መምህር ቆጥሯት። «አለፍክ» አለችው።

ወደ ቤቷ ስትሄድ ለራሷ ብዙ ነገር ነገረች። ክሊኒኩ ትንሽ ነው፤ መዝገቡን ማን ያገኘዋል? የጻፈው ወኪሉ ነው፤ ጥፋቱ የሱ ነው። ደግሞስ ተነግሮት ምን ሊያደርግ ነው? የተፈረመ ተፈርሟል። ይልቅ ትንሽ ተስፋ ይያዝ፤ ተስፋ ማንን ገደለ? በማግስቱ ስትመጣ ተነሥቶ ተቀምጦ ሾርባ ሲጠጣ አገኘችው። ገጹ ከራስጌው ግድግዳ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ሚስቱ በሩ ላይ ይዛ አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት። «ምን ብለሽ እንዳስነሣሽልኝ አላውቅም፣ እህትዬ» አለቻት። «እጅሽ ይባረክ።»

ከዚያ ወዲያ መናገር አልተቻለም። በየቀኑ ይበልጥ አልተቻለም።

ሐኪሟ መጀመሪያ የመከረችው፣ እቤቱ ሆኖ፣ ሕመም የሚያስታግሥ መድኃኒት እየወሰደ፣ ከልጆቹ ጋር እንዲያሳልፍ ነበር። እምቢ አለ። «ዕድሜ የሚጨምር ነገር የላችሁም?» አላት። አለ፤ ግን ከባድ ነው፤ የሚጨምረውም ትንሽ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። «እሱን ስጪኝ» አለ። ሚስቱ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀችው። «ማሽኑን ሽጪው» አላት። «ኢንሹራንሱ ሲመጣ ሦስት ትገዢበታለሽ።» የብየዳ ማሽኑ ተሸጠ፤ መቁረጫው ተሸጠ፤ ወርክሾፑ ባዶ አዳራሽ ሆነ።

መድኃኒቱ አፉን አቆሰለው፤ ፀጉሩን ወሰደው። ሳንባው ዙሪያ ውኃ እየሞላ ትንፋሹን ሲዘጋው፣ በጎኑ መርፌ እየሰደዱ ይቀዱለታል፤ ተመልሶ ይሞላል፤ ይቀዱለታል። ይህን ሁሉ ቻለው። ለሚስቱ ሊገባት ያልቻለው፣ ሐኪሟንም ያሳበዳት፣ ማስታገሻውን አለመውሰዱ ነበር።

«እሱ ያስተኛል» ይላል። «የተኛ ሰው መተንፈስ ይረሳል።»

«በልኩ ከተሰጠህ አትረሳም» አለችው ሐኪሟ። «እኔ እሰጥሃለሁ፤ እየለካሁ። እንዲህ መሠቃየት የለብህም።»

«ቀኑ ይለፍና።»

«የምን ቀን?»

ሐኪሟ ወደ እህቱ ዞረች። እህቱ ወለሉን አየች።

ሕመሙ ሲነሣ የአልጋውን ብረት ይይዛል። የራሱን ድምፅ እንዳይሰሙ ልጆቹን ወደ ጎረቤት ያስልካል። ሚስቱ እግሩ ስር ተንበርክካ «በልጆችህ ሞት፣ አንዴ ብቻ ውሰዳት» ብላ የለመነችው ቀን እህቱ እዚያው ነበረች። «በልጆቼ ነው እኮ እምቢ የምለው» አላት፤ ጥርሱን ነክሶ። ያን ቀን እህቱ ወጥታ ባዶው ወርክሾፕ ውስጥ ከግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ወሰነች። ገብታ ትነግረዋለች። «ጋሼ፣ ተወው፤ ያቺ ቀን ብታልፍም አይከፍሉም ይሆናል። ውሰደውና ረፍ» ትለዋለች። ይጥላታል፤ ይጥላት። ይረግማታል፤ ይርገማት።

ገባች። ላቡ ትራሱን አርሶታል። ዓይኑን ገልጦ አያት፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«ትንሿ። ስንት ቀረ?»

አፏን ከፈተች።

«አሥራ አንድ» አለች።

«አሥራ አንድማ ምን አላት» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

አሥራ አንዱንም ቀን አለፈው። ሐኪሟም «አላውቅም እንዴት እንደሆነ» አለች፤ ግን አለፈው። በማግስቱ ጠዋት እህቱ ስትገባ፣ «አለፈች?» ብሎ ጠየቃት፤ «አለፈች» አለችው። እንደ ሕፃን አለቀሰ። «በሉ አሁን ስጡኝ» አለ። ሰጡት። ለመጀመሪያ ጊዜ ግንባሩ ተፈታ። ከልጆቹ ጋር ሊያወራ ፈልጎ ነበር፤ ግን ሰውነቱ ያን ያህል ጊዜ የጠበቀው ለዚያች ቀን ብቻ ነበርና፣ እንቅልፉ ወሰደው። ትልቋ ልጁ እጁን ይዛ ስትነግረው የነበረውን ይስማ አይስማ ማንም አያውቅም። በሳምንቱ ሞተ።

የካሳ ጥያቄውን ያዘጋጀችው እህቱ ናት። አንዲት ወረቀት አላጎደለችም፤ የሞት ማስረጃ፣ የሆስፒታል ሪፖርት፣ ዋናው ውል፣ የሚስቱ መታወቂያ፣ የጋብቻ ማስረጃ። ፎርሙ ላይ አንድ ፈቃድም አለ፤ ኩባንያው የሟቹን የሕክምና መዝገብ ካለበት ሁሉ እንዲያይ። ያለሱ ጥያቄው አይታይም። ሚስቱ «ይኼስ?» ስትላት፣ «ግዴታ ነው፤ ፈርሚ» አለቻት። ሚስቱ እንደ ባሏ ፈረመች፤ ሳታነብ፣ አምና።

ሟቹ ውሉን ባሳደሰ በሰባተኛው ወር በሳንባ ካንሰር ሲሞት፣ ማንኛውም የኢንሹራንስ ኩባንያ መርማሪ ይልካል። እህቱ ይህን ታውቃለች፤ በሙያዋ ታውቃለች። መርማሪው ሩቅ አልሄደም። የሆስፒታሉ ካርድ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሐኪሟ በሽተኛው የነገራትን ጽፋለች፤ «ከወራት በፊት በአንድ ክሊኒክ ደረቱን ተነሥቶ ጥላ ታይቶበታል»። የክሊኒኩም ስም ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ የቀረው የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ደብዳቤው ሲመጣ ሚስቱ ወደ እህቱ ደወለች። «ደብዳቤ ልከዋል፤ ነይና አንብቢልኝ። ይኼ የናንተ ቋንቋ ነው።» ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነገር ነበር።

ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ የተቆረጠ ሰማያዊ ጨርቅ ተቆልሏል። እህቱ ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ተቀመጠች። በዚህ ጊዜ አንድም አልዘለለችም። በአጭር በአጭሩ ነገረቻት። ጋሼ ከመፈረሙ በፊት ክሊኒክ ሄዶ ነበር። ፎርሙ ግን አልሄደም ይላል። ውሉ ለዚህ ሁለት ዓመት ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ዕድሳቱን ሰርዘውታል። ልክ ተቋርጦ እንደቀረ ነው የሚቆጥሩት። ሲያድስ የከፈለውን ይመልሱልሻል። ሌላ ምንም የለም።

ሚስቱ መቀሷን አንሥታ፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ተነሥታ ጓዳ ገባችና፣ ከራስጌው ላይ የላጠችውን ያንን ገጽ ይዛ ወጣች፤ ፕላስተሩ አሁንም ከአራቱም ጫፍ አለ። ጠረጴዛው ላይ አነጠፈችው።

«የታለ እዚህ ላይ?»

«የለም።»

«ስትጽፊው አላየሽውም ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«ክሊኒክ መሄዱንስ?»

«ያን ቀን ነግሮኛል።»

የሚስቱ ፊት ላይ ቁጣ አልመጣም፤ ቢመጣ ይሻል ነበር። ነገሩን እንደ ጨርቅ ለክታ ለክታ፣ የት ጋ እንደሚቆረጥ የምትፈልግ ትመስል ነበር።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም ነበር፣ እታለም። ቀኗ ካለፈች ሁሉም የተጠናቀቀ ነው የመሰለው።»

«እንግዲያ ያ ሁሉ…» አለች፤ ጣቷ ወደ አልጋው ሄደ። አልጋው ተነጥፎ ባዶ ነው። «ያ የአልጋ ብረት እጁ ላይ ምልክት እስኪያወጣ… እግሩ ስር ወድቄ ስለምነው…»

«ተስፋ እንዲኖረው ብዬ ነው። ፊቱን ስላየሁ ነው። ሊሞት ፊቱን አዙሮ ተኝቶ ነበር እኮ፤ አንቺም አይተሻል። ሲያነበው ተነሣ። እንዴት አድርጌ…»

«ለደንበኛ ቢሆን ትጽፊው ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። አልዋሸችም።

«አዎ። እጽፈው ነበር።»

ሚስቱ ራሷን ነቀነቀች፤ ቀስ ብላ።

«ደንበኛሽ ብንሆን ይሻለን ነበር» አለች። «መድኃኒቱን ይወስድ ነበር። ልጆቹን ያወራቸው ነበር። ማሽኑን አንሸጥም ነበር፤ አከራይቼው እበላበት ነበር። እሱ ‹እንዳታባብይኝ› ብሎሽ ነበር፤ ነግሮኛል። ‹ትንሿ አታባብልም፤ ለዚህ ነው የማምናት› ነው ያለኝ።»

እህቱ ከዚያ በኋላ ያላንኳኳችው በር የለም። ለኩባንያው አቤት አለች፤ የጻፈው ወኪሉ ነው፣ ሟቹን በቅጡ አልጠየቀውም ብላ። ወኪሉን ቤቱ ድረስ ሄዳ አገኘችው። ወፍራም፣ ተጫዋች፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በስም የሚያውቅ ሰው ነው፤ ብረቱ ሲቀበርም አልቅሷል። ቡና ቀለም ባለው ሶፋው ላይ አስቀምጧት፣ «አንድ በአንድ አንብቤለት፣ አንድ በአንድ መልሶልኛል» አለ፤ ዓይኑን ሳይሰብር። ምስክር የለም። ፎርሙ ላይ ከፊርማው በላይ «ከላይ የሰፈረውን አንብቤ ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል አለ። ኢንሹራንሶችን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ጻፈች፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ኩባንያው የውሉን ቃል እንደተከተለ የሚገልጽ መልስ መጣ። ጠበቃ አማከረች፤ ጠበቃው መዝገቡን አገላብጦ፣ «በፊርማው የተናገረው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ የለም» አላት። አለቃዋ የዓመት ፈቃድ ውሰጂ ሲላት እምቢ አለች። ዛሬም ትሠራለች። ገጾቿ ዛሬም አንድ አያጎድሉም። ደንበኞች ፊቷን ሲያዩ ግን አይቀልዱም፤ ቢሮው ውስጥም «አራት ነጥብ» የሚላት ጠፋ። ማንም ተው ሳይላቸው ተዉት።

ሚስቱ ወርክሾፑን የጎማ ጥገና ለከፈተ ሰው አከራየችው። ትልቋ ልጅ ከትምህርት መልስ አብራ ትሰፋለች። እህቱ በየእሑዱ ትሄዳለች። መጀመሪያ ሰሞን በሩ አይከፈትም ነበር፤ በውስጥ የስፌት መኪናው እየተሰማ፣ ደጅ ቆማ ትመለሳለች። አንድ እሑድ ግን ተከፈተ። እህቱ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች፤ ሚስቱ ወደ ጎን ሆና መንገድ ሰጠቻት፤ ልክ ዩኒፎርም ልታሰፋ ለመጣች ሴት እንደምታደርገው፣ በትሕትና፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ።

«ይግቡ» አለቻት። «ይቀመጡ። ምን ልታዘዝ?»